የልጄ ታብሌት ገደቡ አልቆም ለምን ይሠራል?

«የ8 ዓመት ልጄ ታብሌት ላይ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ መተግበሪያ አስገብቼ በቀን የአንድ ሰዓት ገደብ አበጀሁለት። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ግን አሁንም ሲጫወት አገኘዋለሁ፤ ያጠፋሁት ጨዋታም ሳልፈቅድ ተመልሶ ይገባል። ምን ሳላስተካክል ቀርቼ ነው?»

እህቴ፣ ሁለቱም ነገር ባለፈው ዓመት ትምህርት ሲከፈት በእኛ ቤት ደርሷል። እኛ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት በራስዎ ስልክ ላይ ፋሚሊ ሊንክን ይክፈቱና የልጅዎን ስም ነክተው በዕለቱ የትኛው መተግበሪያ ለስንት ደቂቃ እንደተከፈተ ይመልከቱ። እኛ ያንን ዝርዝር ስናይ፣ ገደቡ አንድ ሰዓት ሆኖ ሳለ ክሮም ብቻውን 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሠርቶ አገኘነው። ለቤት ሥራ እንዳይዘጋባት ብዬ Always allow ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነበርኩ። እዚያ ውስጥ ያለ መተግበሪያ ከቀኑ ገደብ ላይ አይቆጠርም፤ ገደቡ አልቆ ሌላው ሁሉ ሲዘጋም እሱ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ልጅቷም ጨዋታ የሚጫወቱባቸውን ድረ ገጾች በክሮም በኩል አግኝታቸው ነበር።

ስለዚህ Always allow ውስጥ ስልክ መደወያውንና የማንበቢያ መተግበሪያዋን ብቻ አስቀርቼ ክሮምን አወጣሁት። ቀጥሎም በ Controls ውስጥ ወደ ክሮም ማስተካከያ ገብቼ Only allow approved sites የሚለውን መርጬ የትምህርት ቤቱን ገጾች ጻፍኩ። አሁን ከዚያ ውጪ ያለ ገጽ ስትነካ ጥያቄው ወደ እኔ ስልክ ይመጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄው የሚበዛበት ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አስፈላጊዎቹ ገጾች ሲፈቀዱ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ቤት ሥራው ሳያልቅ ሰዓቱ የሚያልቅበት ቀን ሲያጋጥም ገደቡን ራሱን አልነካም፤ ከስልኬ ላይ ለዚያ ቀን ብቻ የሚያገለግል ተጨማሪ ደቂቃ እሰጣታለሁ። ታብሌቱ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ግን በስልክዎ ላይ ያደረጉት ለውጥ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ዋይፋዩ መብራቱን ያረጋግጡ።

ተመልሶ የሚገባው ጨዋታ ምክንያቱ ሌላ ነው። መጀመሪያ በ Controls ውስጥ Google Play የሚለውን ይክፈቱና ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር All content መሆኑን ይመልከቱ፤ የሚከፈልበት ነገር ብቻ ተብሎ ከተቀመጠ፣ ነጻ ጨዋታ ሁሉ ያለ እርስዎ እውቅና ይገባል። ይህ ትክክል ከሆነ ግን የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ የፈቀዱትን መተግበሪያ ልጅዎ አጥፍቶ እንደገና ሲያወርደው ፈቃድ አይጠየቅም። መተግበሪያው ሲታደስም እንዲሁ ነው። እኔ አንድ የቀለም ጨዋታ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ካየሁ በኋላ ነው ይህን የተረዳሁት። መፍትሔው ጨዋታውን ከታብሌቱ ላይ ማጥፋት ሳይሆን፣ እንደተጫነ ትተው ከስልክዎ ላይ Block ማድረግ ነው፤ ያኔ መክፈት አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የይለፍ ቃልዎ ነው። ልጁ አዲስ መተግበሪያ ሲፈልግ ታብሌቱ ሁለት መንገድ ያቀርብለታል፤ ጥያቄውን ወደ ወላጅ ስልክ መላክ፣ ወይም ወላጁ እዚያው ታብሌቱ ላይ የይለፍ ቃሉን ጽፎ እንዲፈቅድ ማድረግ። ሁለተኛውን ፈጽሞ አይጠቀሙበት። እራት እየሠራሁ፣ እጄ ላይ ሊጥ እያለ፣ ልጄ ታብሌቱን አምጥታ ስትይዝልኝ በአንድ ጣት እየነካካሁ እጽፍላት ነበር። ዓይኗ ጣቴ ላይ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔ ያላየኋቸው አራት መተግበሪያዎች ታብሌቱ ላይ ተገኙ። ልጅቷን አልተቆጣኋትም፤ ያሳየኋት እኔ ነኝ። የይለፍ ቃሌን ቀየርኩ፣ ባለቤቴንም በቤተሰብ ቡድኑ ውስጥ እንደ ወላጅ አስገባሁት፤ ስለዚህ እኔ ሥራ ላይ ስሆን እሱ ከስልኩ ይመልስላታል።

የማታውን መዝጊያ ሲሞሉም ሰዓቱን ደግመው ያንብቡ። አማቴ ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ በቤታችን ሰዓት የሚነገረው በአገራችን አቆጣጠር ነው። ባለቤቴ ከእሳቸው ጋር «ማታ 2:30 ይዘጋ» ብለው ተስማምተው፣ Downtime ላይ 2:30 AM ብሎ ሞላው፤ መሙላት የነበረበት 8:30 PM ነበር። ያወቅነውም ታብሌቱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ከብርድ ልብሷ ሥር ሲበራ አይተን ነው።

ሁሉንም ካስተካከሉ በኋላ አንድ ምሽት ገደቡ እስኪያልቅ ይጠብቁና ታብሌቱን ራስዎ ይያዙት። እያንዳንዱን መተግበሪያ ይንኩ፤ የሚከፈትልዎት ካለ Always allow ውስጥ የቀረ ነው።