ድሬዳዋ ላይ በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?

«ለሥራ ድሬዳዋ ልገባ ነው። አማርኛ እችላለሁ፣ ኦሮምኛ ግን የሰላምታ ያህል ብቻ ነው። ሱማሊኛ ዜሮ። ሰውየው ምን እንደሚናገር ሳላውቅ በየትኛው ቋንቋ ልጀምር? ሰው እንዳላስቀይም ብዬ ነው።»

ቢሮ ከሆነ ጉዳይህ አትጨነቅ። የከተማው አስተዳደር የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፣ በአማርኛ ግባ። ከዚራ ሰፈር ካፌ ውስጥም እንደዚያው። ነገሩ የሚወሳሰበው የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ሰፈር ስትገባ ነው፣ በተለይ ቀፊራ ገበያ። እዚያ አካባቢ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ስለሠራሁ፣ ያየሁትን ልንገርህ።

በመጀመሪያ በልብስ አትገምት። ድሪያ የለበሰች ሁሉ ሱማሌ አይደለችም። ድሬ ሙቀቷ ሌላ ነው፣ ኦሮሞዋም ሐረሪዋም አማራዋም ቤቷ ድሪያ ትለብሳለች። ሽርጥ ያገለደመ ሽማግሌም አማርኛውን ካንተ በላይ ሊያንቆረቁረው ይችላል። መልክማ ጭራሽ አይታሰብም።

እኛ ሱቅ ውስጥ የምናደርገው ቀላል ነበር። «ሰላም» እንልና ዝም። ሰላም የማይገባው ሰው የለም፣ የየትኛውም ወገን አያደርግህም። ከዚያ መልሱን ትሰማለህ። «ነገያ» ካለህ ኦሮምኛ፣ «ነበድ» ካለህ ሱማሊኛ ይቀናዋል ማለት ነው። «ሰላም» ብሎ ብቻ ከመለሰልህ ግን ምንም አልነገረህም። ያኔ በአማርኛ አንድ አጭር ነገር ጣል አድርግ፣ «ይሄ ስንት ነው?» በቃ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጀመርክ አማርኛ የማይቀናው ሰው እስክትጨርስ ይጨነቃል።

ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ የማትዘልቅበትን ቋንቋ አትክፈት። ወተት የምትሸጥ እናት ጋ ሄደህ አሳምረህ «ሜቃ?» ብትላት፣ ደስ ብሏት ወተቱ የዛሬ ጧት መሆኑን፣ ከየት እንዳመጣችው፣ ሁለት ሊትር ከወሰድክ ምን ያህል እንደምትቀንስልህ በኦሮምኛ ታወርድብሃለች። አንተ «ሻንተማ»ን ከ«ዲባ» መለየት አቅቶህ ትቆማለህ። ሃምሳና መቶ ማለት ነው፣ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሮቹን ሳታጠና በኦሮምኛ ዋጋ አትጠይቅ። ይልቅ በኦሮምኛ ሰላም በልና ወዲያው «ኦሮምኛዬ ትንሽ ነው፣ አማርኛ ይሻላል?» በላት። ሰላምታውን ወዳልህ፣ ዋጋውን በአማርኛ ትነግርሃለች፤ ካልሆነላት ጎኗ ያለችው ቲማቲም ሻጭ ጣልቃ ትገባለች። ቀፊራ ላይ አስተርጓሚ ሳይጠራ ይመጣል።

ስትጠይቅ ደግሞ ቋንቋውን ጠይቅ። «አማርኛ ወይስ ኦሮምኛ?» ማንንም አያስቀይምም። «ብሔርህ ምንድነው?» ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በሰላሙ ቀን ሳቅ ብለው ያልፉሃል፣ ነገር ባለበት ሰሞን ፊታቸው ይቋጠራል።

ብዙ እንግዳ የሚያጠፋው ሌላ ነገር አለ። ሁለት ሴቶች በሱማሊኛ እያወሩ ሱቅ ገቡ እንበል። እንግዳው ሻጭ የሚያውቃትን ሱማሊኛ ይዞ ዘው ብሎ ይገባል። እነሱ ግን ስለ ዋጋው በሹክሹክታ እየተመካከሩ ነበር! የሰማቸው መስሏቸው ይሸማቀቃሉ፣ አንዳንዴም ትተው ይወጣሉ። ወደ አንተ ዞረው እስኪያወሩ ጠብቅ፣ በመረጡት ቋንቋ መልስ።

በአማርኛ የመለሰልህን ሰው ደግሞ አነጋገሩ ወፈር አለ ብለህ ወደ ኦሮምኛ አትዙርበት። ለእሱ ያሰብክ ይመስልሃል። እሱ ግን «አማርኛዬን ናቀው» ነው የሚለው። ራሱ ከዞረ ተከተለው።

«አንተ» ሲሉህ ደግሞ አትደንግጥ። ድሬ ላይ ታናሽህም «አንተ አቦ!» ይልሃል፣ ንቀት አይደለም። አንተ ግን እንግዳ ስለሆንክ ለትልቅ ሰው በ«እርስዎ» ጀምር፤ «ተወው አቦ» እስኪሉህ ድረስ። ሱማሌ ሽማግሌ ከሆኑ «አደር» በላቸው፣ አጎት እንደማለት ነው። ቀሪው በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለም።

ባጃጅ ላይ ብዙም አታስብ። ልጆቹ ሦስቱንም እያቀላቀሉ ነው የሚያወሩት፣ የሰፈሩን ስም መጥራት ይበቃል። ስልክ ነው የሚከብደው፣ ፊት አይታይም፣ ምልክት የለም። ከማይታወቅ ቁጥር ሲደወልልህ «ሄሎ» በልና የደወለው ሰው ሁለተኛ ቃሉን እስኪያወጣ ጠብቅ። አንተ ደዋይ ከሆንክ ስምህንና ከየት እንደምትደውል በአማርኛ ተናገርና ትንፋሽ ያህል ፋታ ስጠው። አማርኛ ካልቀናው ብዙ ጊዜ ስልኩን አጠገቡ ላለ ልጅ ያቀብላል። አትዝጋ፣ መስመር ላይ ቆይ።