ከኮርስ አውትላይን የሳምንት ዕቅድ ስለማውጣት፦ ለዩኒቨርሲቲ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በመሐንዲስነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት የሥራ መርሐ ግብር የማወጣው ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠርሁ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ግን ይህን አላውቅም ነበር፤ የኮርስ አውትላይኑን ተቀብዬ ደብተሬ ውስጥ አጥፌ አስቀምጠው ስለነበር፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ፈተና ተደራርቦብኝ አንዱን ኮርስ ለመድገም ተገድጃለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ያ ነገር እንዳይደርስባችሁ ስለምፈልግ ነው።

ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ የሚማር የእህቴ ልጅ፣ ሴሚስተሩ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ዕለት ደሴ ቤቴ መጥቶ የጥናት ፕሮግራሙን አሳየኝ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ ስድስቱን ኮርሶች በየምሽቱ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚያዳርስ ንጹሕ ሠንጠረዥ ነበር። «ሚዱ የት አለ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ እሱ ገና ስምንተኛው ሳምንት ላይ ነው» አለኝ። ስድስቱንም አውትላይን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አብረን ማንበብ ጀመርን።

መጀመሪያ ያደረግነው የሳምንት ቁጥሮችን ወደ ቀን መለወጥ ነው። አውትላይን «ሳምንት 8» ይላል እንጂ ቀኑን ብዙ ጊዜ አይጽፍም፤ ስለዚህ የሬጅስትራሩን የትምህርት ካሌንደር ይዘን፣ ትምህርት ከተጀመረበት ከጥቅምት 18 አንሥተን አሥራ ስድስቱንም ሳምንታት ቆጠርን። አንዱ አውትላይን ላይ «12/4» የሚል ቀን አገኘን። ልጁ በፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 4 ነው ብሎ ነበር፤ መምህሩን ሲጠይቅ ግን ታኅሣሥ 12 ሆኖ ተገኘ፣ ይህም በፈረንጅ ዲሴምበር 21 ነው። በሁለት አቆጣጠር በሚኖር አገር እንዲህ ያለ ቀን ካያችሁ ሳትጠይቁ አትመዝግቡ።

ቀኖቹ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ፣ ከስድስቱ ኮርሶች የአራቱ ሚድ በስምንተኛው ሳምንት መግባቱ ታየ። የቡድን አሳይንመንቱ ማስረከቢያ ደግሞ አሥራ አንደኛው ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት ገና ስለሚውል የቡድኑ አባላት ግማሾቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ የአሳይንመንቱን ቀን በአንድ ሳምንት አስቀድመን አሥረኛው ላይ ጻፍነው።

ከዚያ የንባቡን መጠን ለካን። የፍሉይድ ሜካኒክሱ አውትላይን ኮርሱ 5 ኢሲቲኤስ መሆኑን፣ ይህም በጠቅላላው 135 ሰዓት፣ ማለትም ሌክቸር 48፣ ቱቶሪያል 32፣ የግል ጥናት 55 እንደሚጠይቅ ይገልጻል። ሃምሳ አምስቱ ለአሥራ ስድስት ሳምንት ሲካፈል ለሳምንት ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይደርሳል። ይህ ግን አማካይ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ ከሃንድአውቱ አሥር ገጽ ምሳሌዎቹን እየሠራ እንዲያነብ አድርጌ ሰዓት ያዝሁበት፤ አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ለሚዱ የሚገቡት ሦስት ምዕራፎች 126 ገጽ ስለሆኑ ንባቡ ብቻ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚጠይቁት ሦስት ወርክሺቶች ሲጨመሩ አሥራ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሌሎቹም ሦስት ኮርሶች ይህንኑ ያህል ቢጠይቁ፣ ሁሉን ወደ ሰባተኛው ሳምንት ያቆየ ተማሪ ሌክቸሩን ሳንቆጥር ሃምሳ ስምንት ሰዓት ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ከስምንተኛው ወደ ኋላ ቆጠርን። ሰባተኛው ሳምንት ለክለሳና ለአሮጌ ፈተናዎች ብቻ ተተወ፣ አዲስ ንባብ አልገባበትም። አሥራ አራት ሰዓት ተኩሉ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ባሉት አራት ሳምንታት ሲከፋፈል በሳምንት ከሦስት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢያልፍ ነው። በሠንጠረዡም ላይ «ፍሉይድ» ብቻ መጻፉን ትቶ «ማክሰኞ ማታ፣ ምዕራፍ 2፣ ከገጽ 41 እስከ 60» ብሎ ጻፈ፤ እንዲህ ካልተጻፈ መሠራቱንና አለመሠራቱን ማወቅ አይቻልምና። ዓርብ ማታን ባዶ ተውነው፤ መብራት ሲጠፋ ወይም መምህሩ ሜክአፕ ክፍለ ጊዜ ሲጠራ የተስተጓጎለው ወደዚያ ይሸጋገራል።

ዕቅዱ መሳቱ የሚታወቀው አንዱ ንባብ ሁለት ጊዜ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲሸጋገር ነው። ያን ጊዜ ሌሊት እየተቀመጡ ለመድረስ ከመታገል በፊት የገጹን ፍጥነት እንደ ገና መለካት ይገባል፤ ልጁ አራተኛው ሳምንት ላይ ሲደርስ ምዕራፍ ሦስት እኩልታ ስለበዛበት አሥሩ ገጽ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ጀመር። እሑድ ማታ ደውሎ ነገረኝ፤ የሁለቱን ዓርቦች ባዶ ቦታ ለዚያ ምዕራፍ ሰጠነው። የፈተና ቀን ሊለወጥ ስለሚችል ቀኖቹን ሁሉ በእርሳስ እንዲጽፍም ነግሬው ነበር፤ የአንዱ ኮርስ ሚድ ወደ ዘጠነኛው ሳምንት ሲዛወር ያን አንዱን መስመር ብቻ በላጲስ አጥፍቶ ጻፈው።