«በሚመችዎት ጊዜ» ብላችሁ አትጻፉ

ልጆቼ፣

ለረጅም ዓመታት የመምሪያ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ብዙ ወጣቶች «በሚመችዎት ጊዜ ላገኝዎት እፈልጋለሁ» እያሉ ይጽፉልኝ ነበር። ትሕትናቸው ደስ ይለኛል። ሳልመልስላቸው የቀረሁትም በአብዛኛው እነሱን ነው። ንቄያቸው አይደለም። ክፍት ሰዓት ፈልጌ፣ ለእነሱም ይመች እንደሆነ ጠይቄ፣ መልሳቸውን መጠበቅ ነበረብኝ። መልእክቱ የሚደርሰኝ ደግሞ ከአንዱ ስብሰባ ወጥቼ ወደ ሌላው ስሄድ ነው። «ማታ እመልሳለሁ» እላለሁ። ማታ ሌላ ሥራ ይመጣል።

አንዲት አዲስ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ሐሙስ ዕለት እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የቅርንጫፎች የወጪ ሪፖርት ለምን እንደሚዘገይ ለ20 ደቂቃ ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር። ማክሰኞ ኅዳር 16 ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ረቡዕ ኅዳር 17 ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ዓርብ ኅዳር 19 ከቀኑ 8 ሰዓት ይመችዎት ይሆን? ሦስቱም ካልሆኑ እርስዎ በሚሉኝ ቀን እመጣለሁ።»

መኪና ውስጥ ሆኜ «ረቡዕ ይሁን» አልኳት። በቃ፣ አለቀ።

ሰዓቶቹን እንዴት እንደመረጠች ልብ በሉ። ሦስቱም በተለያየ ቀን ናቸው፤ አንዱ ጠዋት፣ ሁለቱ ከሰዓት በኋላ። ሦስቱንም ማክሰኞ ጠዋት ላይ ብትደረድራቸው ኖሮ፣ ያን ዕለት ጠዋት ስብሰባ ካለኝ ሁሉም አብረው ይወድቁ ነበር። ሰኞን ዘለለችው፤ እኛ ጋ ሰኞ ጠዋት የማኔጅመንት ስብሰባ እንዳለ ጸሐፊዬን ጠይቃ አውቃለች። ዓርብንም ከ8 ሰዓት ጀመረች፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓርብ ምሳ ሰዓት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ነውና። አንድ ሰዓት ብቻ ብትጽፍ ትእዛዝ ይመስል ነበር። ስድስት ብትጽፍ ደግሞ ማን ያነበዋል?

አለቃችሁ የውጭ ዜጋ ከሆነ ወይም ከውጭ አገር በቅርቡ የመጣ ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ። የእኛ 4 ሰዓት ለእሱ 10 ሰዓት ነው። ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት። በዚህ ስሕተት አንድ እንግዳ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀድሞ መጥቶ ሲጠብቀኝ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሌላው ነገር፣ መልስ እስኪመጣ ሦስቱንም ሰዓት ለሌላ ሰው አትስጡ። «ዓርብ ይሁን» ተብላችሁ «ይቅርታ፣ ተይዞብኛል» ካላችሁ ሁለተኛ ዕድል ማግኘት ከባድ ነው። ደብዳቤውን ለጸሐፊዋም በግልባጭ ላኩላት። አጀንዳው ያለው እሷ እጅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አለቃዋን ሳታስቸግር ትመርጥላችኋለች።

ማክሰኞ አልፎ መልስ ካልመጣ አትቀየሙ። የቀሩትን ሁለት ቀኖች ጠቅሳችሁ፣ ለቀጣዩ ሳምንት አንድ አዲስ ሰዓት ጨምራችሁ፣ በሁለት መስመር እንደገና ጻፉ።