ፒኤችኪው-9ን ወደ አዊኛ ስንመልስ ያየሁት

«ሰላም የግሩፑ አባላት። ለማስተርስ ቴሲሴ ፒኤችኪው-9ን ወደ አካባቢ ቋንቋ መተርጎም አለብኝ። አድቫይዘሬ ባክ ትራንስሌሽን እና ፓይለት ሥሪ ብሎኛል። የት ነው የሚሠራው? ለፓይለትስ ስንት ሰው ይበቃል? የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። እህታችሁ።»

እህቴ፣ እኔ ይህንኑ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መጠይቅ ወደ አዊኛ መልሼ ዲፌንስ አድርጌበታለሁ። ቋንቋሽን አልጻፍሽም። ታካሚዎችሽ ግን እንደ እኔዎቹ አብዛኞቹ ገበሬዎች፣ ብዙዎቹም ማንበብ የማይችሉ ናቸው ብዬ ልጀምር።

1. ፈቃድ ፍለጋ ጊዜ አታባክኚ። መጠይቁን የሠሩት ስፒትዘር፣ ዊሊያምስ እና ክሮንኬ ናቸው፣ ገንዘቡን የሰጠው ፋይዘር ነው። ለማባዛትም ለመተርጎምም ፈቃድ እንደማያስፈልግ እዚያው ቅጹ ላይ ተጽፏል። ያንን ገጽ አትመሽ ከፕሮፖዛልሽ ጋር አያይዢው። የጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚው አይአርቢ መጠየቁ አይቀርም። (ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ፦ የካንሰር ታካሚዎቹ የኢኦአርቲሲ መጠይቅ እንዲህ አይደለም። ባለቤት አለው፣ ሳታስፈቅዱ እንዳትነኩት።)

2. ወደ ቋንቋው የሚመልሱ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉሻል፣ ለየብቻቸው የሚሠሩ። አንዱ የጤና ባለሙያ፣ አንዱ ከጤና ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ይሁን። እኔ ነርስ እና የአዊኛ ቋንቋ አስተማሪ አገኘሁ። ከዚያ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንድ ታደርጓቸዋላችሁ። ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ጣጣ አለ። የአማርኛው ፒኤችኪው-9 በቀላሉ ይገኛል። ተርጓሚው እንግሊዝኛውን ትቶ ከአማርኛው ይገለብጣል፣ ይቀለዋላ! ያኔ የሠራሽው የትርጉም ትርጉም ነው። የሁለቱም ቅጂዎች ዓረፍተ ነገር የአማርኛውን ቅጽ ደረጃ በደረጃ የሚከተል ከሆነ ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። እኔ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ምን ለማወቅ እንደተፈለገ የሚያብራራ አጭር ማስታወሻ አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው። ያ ማስታወሻ ከአማርኛው ቅጽ አላቀቃቸው።

3. ባክ ትራንስሌሽን፣ ማለትም የተተረጎመውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ መተርጎም። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

የድኅረ ምረቃ ቢሮው ሰውዬ «ማህተም የሌለው ትርጉም አንቀበልም» አለኝ። ይህ የታካሚ ስሜት መጠይቅ እንጂ የልደት ሰርተፊኬት አይደለም ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ከስልኩ ቀና ብሎም አላየኝ። «መመሪያ ነው፣ ቀጣይ!» አለ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ባሕር ዳር ወርጄ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት የትርጉም ቤቶች አንዱ ገባሁ። አዊኛ የሚችል ሰው አላችሁ ወይ ስል «ሁሉም ቋንቋ አለን» አሉኝ። «ብርቅ ቋንቋ» ነው ብለው ዋጋውን ከተለመደው በላይ አደረጉት። ከፈልኩ።

ሥራው ሲመጣ እንከን የለውም። እንግሊዝኛው ከዋናው ጋር ቃል በቃል ገጠመ። አድቫይዘሬ ደስ አለው። እኔ ግን ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ዋናው እንግሊዝኛ ሐሳብ ለመሰብሰብ መቸገርን ሲጠይቅ «ጋዜጣ ማንበብ ወይም ቴሌቪዥን ማየት» የሚል ምሳሌ ይሰጣል። እኛ ግን ያንን አውጥተነው ነበር። ዳንግላ ዙሪያ ያለ ገበሬ ምን ጋዜጣ ያነባል? በምትኩ «ሰው ሲያወራ መከታተል ወይም ገበያ ላይ ሂሳብ መያዝ» የሚል አስገባን። ታዲያ በአዊኛው ውስጥ የሌለ ጋዜጣ በእንግሊዝኛው ከየት መጣ? ሰዎቹ አዊኛውን ጭራሽ አላነበቡትም። ርዕሱን አይተው ኢንተርኔት ላይ ያለውን ቅጽ አውርደው፣ ማህተም መትተው ሰጡኝ። ተመልሼ ስጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «የእናንተ ጽሑፍ ስህተት ስለነበረው አስተካከልንላችሁ።» ገንዘቤ በዚያው ቀረ።

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ከዋናው ጋር ፍጹም የገጠመ ባክ ትራንስሌሽን ሲመጣልሽ አትደሰቺ፣ ጠርጥሪ። ሆን ብለሽ የቀየርሽው ቦታ ተቀይሮ መምጣት አለበት። ዋናውን መጠይቅ አይተው የማያውቁ፣ ከጤና ሙያ ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ፈልጊ። እኔ አዊኛ አፍ የፈቱበት አንድ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር እና አንድ የሂሳብ ሠራተኛ አገኘሁ። የሚሠሩት ምን ላይ እንደሆነ እንኳ አልነገርኳቸውም። የእነሱ ሥራ ሻካራ ነበር፣ ግን እውነተኛ። ለምሳሌ ስምንተኛው ጥያቄ፣ እንቅስቃሴና ንግግር ሰው እስኪያስተውለው ድረስ መዘግየቱን ወይም በተቃራኒው መቁነጥነጥን የሚጠይቀው፣ ከአንደኛው ሰው «ሰነፍ ሆነሃል ወይ» ሆኖ ተመለሰ። አስቢው፣ ታካሚን ሰነፍ ነህ ወይ ብለን ልንጠይቅ ነበር! የትርጉም ኮሚቴያችን ቁጭ ብሎ አስተካከለው። ማህተሙንም በመጨረሻ የዲፓርትመንቱን አስመታንበት። አድቫይዘሬ ከኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ጋር ደብዳቤ ጻፈ፣ ያ ሰውዬ አፉን ዘግቶ ተቀበለ።

4. ኮግኒቲቭ ኢንተርቪው። ከፓይለቱ በፊት የሚሠራ ነው፣ ከፓይለቱ ጋር አንድ አይደለም። ቁጥር መስጠቴን እዚህ ላይ ላቁም፣ ዋናው ወሬ እዚህ ስለሆነ ልዘርግፈው።

አንድ ታካሚ አስቀምጠሽ ጥያቄውን ታነቢለታለሽ፣ ይመልሳል፣ ከዚያ «ምን ብዬ ነው የጠየቅኩዎት? በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» ትይዋለሽ። «ገብቶዎታል?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። ጋዋን ለለበሰ ሰው «አልገባኝም» የሚል አባት የለም፣ በአክብሮት «አዎ ልጄ» ብሎ ያልፍሻል።

የጥያቄዎቹ ቃላት እምብዛም አላስቸገሩንም። ያስቸገሩን አራቱ የመልስ ምርጫዎች ናቸው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት፦ ምንም፣ የተወሰኑ ቀናት፣ ከግማሽ በላይ በሆኑ ቀናት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ከ0 እስከ 3 ነጥብ። ባክ ትራንስሌሽኑ ላይ እነዚህ ምንም ችግር አልነበረባቸውም፣ ምክንያቱም ተርጓሚው የተማረ ሰው ነው። ታካሚው ግን ስንት ቀን እንደታመመ ሳይሆን ምን ያህል እንደከበደው ነው የሚነግርሽ።

አንዲት እናት ነበሩ። እንቅልፍ ላይ «በየቀኑ» አሉ፣ 3 ነጥብ። ድካም ላይም እንዲሁ። ሲደመር 14 መጣ። ከዚያ 14 ፍሬ ባቄላ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። እያንዳንዱ አንድ ሌሊት ነው፣ ይሄኛው ትናንት፣ ይሄኛው ያለፈው ገበያ፣ ይህ መጨረሻው ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው ገበያ አልኳቸው። እንቅልፍ ያጡበትን ለይተው ወደ ጎን እንዲያደርጉ ጠየቅኳቸው። አራት ባቄላ ለዩ። «እነዚህ አራቱ ናቸው፣ ግን አይጣል ነው!» አሉ። 3 የነበረው 1 ሆነ። ዘጠኙንም በባቄላ ስንደግመው ድምሩ 8 ወጣ። መቁረጫው 10 ነው እንግዲህ። በመጀመሪያው አጠያየቅ ድብርት ሊኖርባቸው ይችላል ተብለው ይመዘገቡ ነበር፣ በሁለተኛው አይመዘገቡም።

ስንት ባቄላ ስንት ነጥብ ነው የሚለውን ከራሴ አላመጣሁትም። አሜሪካኖች በስልክ በሚያካሂዱት የጤና ዳሰሳ ስምንት ጥያቄ ያለውን ፒኤችኪው-8 በቀን ቁጥር ጠይቀውበታል። 0 እና 1 ቀን 0 ነጥብ፣ ከ2 እስከ 6 ቀን 1፣ ከ7 እስከ 11 ቀን 2፣ ከ12 እስከ 14 ቀን 3 ነጥብ። እኔም ያንኑ ተጠቀምኩ፣ ሜቶድ ላይም ጻፍኩት። ዲፌንስ ላይ አንዱ ፈታኝ «7 ቀን የ14 ግማሽ እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለም» ብሎ ያዘኝ። ልክ ነው፣ ግን የእኔ ፈጠራ እንዳልሆነ አሳይቼው ዝም አለ። አንቺንም ይጠይቁሻል፣ ተዘጋጂ።

ሌላው ዘጠነኛው ጥያቄ ነው፣ ሞቼ ባረፍኩ ማለትን እና ራስን መጉዳትን የሚጠይቀው። እኛ አገር «ምነው በወሰደኝ» ማለት ለደከመው ሰው የዕለት ንግግር ነው። ስለዚህ ከ0 በላይ የመለሰን ሁሉ ተከትለሽ «እንዲያው የሚባል ነገር ነው ወይስ ራስዎን ለመጉዳት አስበዋል?» ብለሽ ለይተሽ መጠየቅ አለብሽ። አስቤያለሁ የሚል ከመጣ የዚያኑ ዕለት የሚቀበልሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በፊት ተስማምቶ ይጠብቅሽ። ስልኩን ይዘሽ ውጪ። እኔ አስፈልጎኛል።

አሁን ቁጥር። ለኮግኒቲቭ ኢንተርቪው የአይኤስፖር መመሪያ ከ5 እስከ 8 ሰው ይላል። የቢተን እና የባልደረቦቹ መመሪያ ደግሞ የቅድመ ሙከራውን ከ30 እስከ 40 ያደርገዋል። ሁለቱ አይጋጩም። በጥቂት ሰው እየጠየቅሽ፣ እያስተካከልሽ፣ አዲስ ችግር መምጣቱ ሲቆም 30 ሰው ላይ ፓይለት አድርጊ። ፓይለቱ የሚያሳይሽ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የትኛው ጥያቄ እንደሚዘለል፣ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች ባቄላውን አንድ ዓይነት እንደሚያስረዱ ነው። ከ30 ሰው ያወጣሽውን ክሮንባክ አልፋ ይዘሽ «ቫሊድ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መግባባታቸውን እንጂ ድብርትን መለካታቸውን አይነግርሽም።

መቁረጫውም በትርጉም አብሮ አይሻገርም። ለአማርኛው አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ላይ ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በባለሙያ ቃለ መጠይቅ ተመዝኖ 10 ላይ፣ ድብርት ካለባቸው 100 ሰዎች 86ቱን ይይዛል፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ግን 33ቱን በስህተት ይጠረጥራል። ለአንቺ ቋንቋ እንዲህ ያለ ጥናት ከሌለ ውጤትሽን በነጥብ ድምር አቅርቢው፣ «ይህን ያህል በመቶ ድብርት አለበት» አትበይ። እኔ ሊሚቴሽን ላይ አስቀመጥኩት፣ ማንም አልነካኝም።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም፦ መረጃ የምትሰበስቢው በየትኛው ወር ነው? ታካሚዎችሽ ጾመኞች ከሆኑና የካቲትና መጋቢት ላይ ከሆንሽ አምስተኛው ጥያቄ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትን ወይም አብዝቶ መብላትን የሚጠይቀው፣ ይበላሽብሻል። እኛ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስንጠይቅ «አዎ፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም» የሚል መልስ ይመጣ ነበር። «ጾሙን ትተው፣ ምግብ ሲቀርብልዎ አልበላ ብሎዎታል?» የሚል ማስከተያ ጨመርንበት። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ የምትጠይቂያቸው ሁለት ሳምንታት በሙሉ እዚያ ውስጥ ከወደቁ ማስከተያው አያስፈልግሽም።