መጀመሪያ ቡናውን አርሱት

ልጆቼ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ከማሽን ኋላ ቆሜ ብዙ ዓመት ማኪያቶ ሠርቻለሁ። የኛ ማሽን የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፦ ቁልፉን ስንጫን 9 ባር ግፊት። እናንተ ዛሬ ማራሱንም፣ ግፊቱንም፣ ሙቀቱንም የምታዝዙበት ማሽን እጃችሁ ገብቷል። ግን ሦስቱንም ባንዴ ትነካካላችሁ፤ ከዚያ ጣዕሙን የቀየረው የቱ እንደሆነ ይጠፋባችኋል። ከማራሱ ጀምሩ።

አንድ ልጅ በቅርቡ የሐረር ቡና ይዞ መጣ። ከነገለፈቱ የደረቀ፣ ቀለል ብሎ የተቆላ። ከ18 ግራም ዱቄት 36 ግራም የተጠመቀ ቡና ሊያወጣ ቀጥታ በ9 ባር ለቀቀው፤ በ20 ሰከንድ አለቀ። ቀመስኩት። ይጎመዝዛል፣ ወዲያው ደግሞ ይመራል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ብዙውን ጊዜ ውሃው ቡናውን እኩል አልነካውም ማለት ነው። እሱ ግን አፈጫጨቱ የሻከረ መስሎት አላመው፤ ባሰበት። ዱቄቱ በሚገባበት፣ ሥሩ ክፍት በሆነው እጀታ ስናየው ነጣ ያለ ቀጭን ውሃ በአንድ ጎን ይፈናጠራል። ደረቅ ዱቄት ላይ 9 ባር ድንገት ሲያርፍ ውሃው የላላ ቦታ ፈልጎ ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ዙሪያ ያለው ከልክ በላይ ታጥቦ ይመራል፤ የቀረው በደንብ ሳይነካ ይጎመዝዛል።

የመጀመሪያዎቹን 8 ሰከንዶች ለማራሻ በ3 ባር አደረግናቸው። ዱቄቱ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፣ ክፍተቱንም ራሱ ደፈነ። ከወንፊቱ ሥር ጠብታዎች በየቦታው ብቅ ብቅ ሲሉ ወደ 9 ከፍ አልን። በጠቅላላው 31 ሰከንድ። ያ የምወደው የሐረር ፍራፍሬ ፍራፍሬ ጣዕም ወጣ። ሰከንዱን አትሸምድዱት፣ ጠብታውን ተመልከቱ። ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ቶሎ ይርሳል፤ 3 ሰከንድ ይበቃዋል፣ ካስረዘማችሁበት ይሳሳል።

መጨረሻው ላይ ግን አፍ የሚያደርቅ ነገር ቀርቶ ነበር። ቡናው እየታጠበ ሲሄድ ውሃውን የመግታት አቅሙ ይደክማል፤ ግፊቱ ያው 9 ከሆነ ውሃው ይሮጥበታል። ሚዛኑ 25 ግራም ሲል ቀስ እያልን ወደ 6 አወረድነው። ድርቀቱ ለቀቀ፣ ውፍረቱም ትንሽ ቀነሰ። ለማኪያቶ ቢሆን ኖሮ 9ኙን አልነካም ነበር። ወተት ውፍረት ይፈልጋል።

ሙቀቱን የነካነው ከሁሉም በኋላ ነው። ከ92 ወደ 94 ዲግሪ ስናወጣው ጉምዘዛው ለዘብ አለ፣ ጣፋጭነቱ ጎላ። 96 ላይ ፍራፍሬው ደበዘዘ፣ ምሬት ገባ። ተመልሰን 94 ላይ ቆምን።

ሐረር ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ከተማችሁ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ማሽኑን 96 አድርጋችሁ ያለ እጀታ ብትለቁት ውሃው እየተንተከተከ እንፋሎት ይተፋል፤ ቴርሞሜትሩም ከ94 ብዙ አያልፍም። ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍቱት። እጀታው ሲገጠም ግፊቱ ውሃውን እንዳይፈላ ይይዘዋል። ማሽኑ ትክክል መሆኑን ማየት ከፈለጋችሁ 90 ላይ አድርጋችሁ ለኩ።