ጉንዳኗ ሣር ጫፍ ላይ ምን ትሠራለች?

ልጆቼ፣

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሰበታ ዙሪያ እንስሳት የምታክሙና ባዮሎጂ የምትማሩ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምታነሱልኝ ጥያቄ አለ። አንጎሉ ውስጥ ትል አድጎ አዙሪት የያዘው በግ ከመንጋው ተነጥሎ ባለበት ሲሽከረከር ታዩና «ለውሻና ለቀበሮ እንዲመች ብሎ የሚያዞረው ትሉ ነው ወይ?» ትላላችሁ። ዕድሜዬን በእነዚህ በጎች መካከል ያሳለፍኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝና ጥያቄውን በቁም ነገር ነው የማየው። ከመመለሴ በፊት ግን ማስረጃው ከሁሉ የጠራበትን የአንዲት ጉንዳን ጉዳይ ላስረዳችሁ።

የሱሉልታን ረግረግ የምታውቁ ትልቁን የጉበት ትል፣ ፋሲዮላን፣ ታውቁታላችሁ። የትሉ እጭ ውኃ ዳር ከሚኖር ቀንድ አውጣ ይወጣል፣ ይዋኛል፣ ሣር ላይ ተጣብቆ ሽፋን ያበጃል። በጉ ሣሩን ሲግጥ አብሮ ይገባል። ይህ ትል ወደ በግ ለመድረስ የማንንም ጠባይ መለወጥ አላስፈለገውም። ዳይክሮሲሊየም የሚባለው ትንሹ የጉበት ትል ግን ደረቅ መሬት ላይ ነው ኑሮው፤ የሚዋኝበት ውኃ የለውም። መላ ችግሩ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በደንብ የተጠናው ዝርያ የሕይወት ዑደት እንዲህ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላው ትል በበጉ የሐሞት ቧንቧ ውስጥ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉ በበጠጥ ይወጣል። የደረቅ መሬት ቀንድ አውጣ ይበላዋል። በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ እጩ ያለ ጾታ ግንኙነት ይባዛል፤ ከአንድ እንቁላል እጅግ ብዙ እጮች ይገኛሉ። ቀንድ አውጣው እነዚህን በልጋግ ጠቅልሎ ያስወጣቸዋል። ልጋጉን የምትበላው ጉንዳን ናት። ክሩልና ማፕስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1952 እ.ኤ.አ. የጉንዳኗን ድርሻ እስኪያሳዩ ድረስ በጉ በቀጥታ ከልጋጉ እንደሚያዝ ይታሰብ ነበር።

አሁን ትሉ ችግር ላይ ነው። በግ ሣር ይበላል እንጂ ጉንዳን አያድንም። ጉንዳኗ ከነእጮቹ መሬት ላይ ብትመላለስ ዑደቱ እዚያው ይቋረጣል። ከተዋጡት እጮች አብዛኞቹ በጉንዳኗ ሆድ ውስጥ ሽፋን አበጅተው በጉን ይጠብቃሉ። አንዱ ግን ወደ ጭንቅላት ይወጣና ከጉሮሮዋ ሥር ባለው፣ መንጋጋን በሚያዝዘው የነርቭ ቋጠሮ ላይ ይጣበቃል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጉንዳኖችን ጭንቅላት ሳይከፍት በጥቃቅን የራጅ ምስል አይቶ፣ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ እስከ ሦስት እጮች ቢገኙም ቋጠሮውን በአፉ መጥባት የያዘው አንዱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

አየሩ ሲቀዘቅዝ ጉንዳኗ ወደ ጎጆዋ በመመለስ ፈንታ ሣር ላይ ትወጣና ጫፉን ነክሳ ትቀራለች። መንጋጋዋ ተቆልፏል። ፀሐይ ሲሞቅ ይለቃታል፤ ወርዳ እንደማንኛዋም ጉንዳን ሥራዋን ትቀጥላለች። በ2023 እ.ኤ.አ. የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዴንማርክ ጫካ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠሩ የተያዙ ጉንዳኖች ጀርባ ላይ ቀለምና ቁጥር ለጥፈው ተከታተሏቸው። መንከስና መልቀቃቸው ከሙቀት መጠን ጋር አብሮ እንደሚሄድ አገኙ፤ ሲቀዘቅዝ ይነክሳሉ፣ ሲሞቅ ይለቃሉ። ማለዳና ምሽት ደግሞ እንስሳት የሚግጡበት ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ ሣር ጫፍ ላይ ብትቀር ፀሐይ ትገድላታለች፤ እሷ ስትሞት በሆዷ ያሉት እጮችም ይጠፋሉ። መልቀቁ እንደ መንከሱ ሁሉ ለትሉ ጥቅም አለው ማለት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ይህ ነው፤ በሽታ ያደከማት ጉንዳን በየቀኑ ድና በየምሽቱ አትታመምም።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ጭንቅላት ላይ የተጣበቀው እጭ ሽፋን ስለሌለው በጉ ሲውጠው ይሞታል። ዘር የማይተካ እጭ ይህን ጠባይ እንዴት ለትውልድ ሊያስተላልፍ ቻለ? ባዮሎጂስቶች የሚሰጡት ማብራሪያ የዘመድ ምርጫ ይባላል። በቀንድ አውጣው ውስጥ የነበረውን መባዛት አስታውሱ፤ ከአንድ እንቁላል የወጡት እጮች ሁሉ አንድ ዓይነት ጂን ነው ያላቸው። ጭንቅላት ላይ ያለው ቢሞትም ሆድ ውስጥ ያሉት ቅጂዎቹ በግ ውስጥ ይደርሳሉ፤ ጂኑም በእነሱ በኩል ይቀጥላል። ይህ እውነት ከሆነ በአንዲት ጉንዳን ውስጥ ያሉት እጮች በብዛት ቅጂዎች መሆን አለባቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. በካናዳ በተሰበሰቡ ጉንዳኖች ላይ የተሠራ የዘረ መል ጥናት ቅጂዎቹ አብረው እንደሚጓዙ አግኝቶ ሐሳቡን ደግፎታል።

የታመመ እንስሳ ጠባይ በተለወጠ ቁጥር ግን «ትሉ አዘዘው» ማለት አይገባም። ለውጡ ትሉ ያደረሰው ጉዳት ብቻ ሊሆን ይችላል። የእንስሳው የራሱ መከላከያም ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት የያዘው ጥላ ሥር ተኝቶ ኃይሉን ይቆጥባል። ሮበርት ፑሊን የተባለው የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ1995 እ.ኤ.አ. ይህን ጥንቃቄ አጥብቆ ጠይቋል። ለውጡ በአጋጣሚ ሊመጣ የማይችል ውስብስብ ነው ወይ? ለጥገኛው ዓላማ ልክ ሆኖ ይገጥማል ወይ? የመተላለፍ ዕድሉንስ በእርግጥ ይጨምራል ወይ?

በዚህ መመዘኛ አዙሪትን እንየው። ትሉ በውሻ አንጀት ይኖራል፣ እንቁላሉ በውሻ ዓይነ ምድር ግጦሹ ላይ ይወድቃል፣ በጉ ከሣሩ ጋር ሲውጠው እጩ በደም አድርጎ አንጎል ይደርስና ውኃ ያዘለ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ በወራት ውስጥ እያደገ አንጎሉን ይጫናል፤ አንዳንዴ ከላዩ ያለው የራስ ቅል አጥንት እስኪሳሳ ድረስ። ዑደቱ የሚሟላው ውሻ ወይም ቀበሮ ያንን አንጎል ሲበላ ነው፤ ስለዚህ የተዳከመ በግ ለትሉ ይጠቅመዋል ብሎ መገመት ይቻላል። ምልክቱ ግን ከረጢቱ ባረፈበት ቦታ ይለያያል። በአንድ ወገን ሲሆን በጉ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ወገን ይዞራል፤ በኋለኛው አንጎል ሲሆን እግሩ ይተሳሰራል፣ ይንገዳገዳል፤ ሌላው ዓይኑ ይጠፋል። ሰዓት ጠብቆ የሚመጣና የሚሄድ ነገርም የለውም። ጉንዳኗ ላይ ያየነው አንድ ቦታ፣ አንድ ጠባይ፣ በቅዝቃዜ የሚበራና በሙቀት የሚጠፋ ነበር። አዙሪት ለእኔ የሚመስለኝ የከረጢቱ ግፊት ጉዳት ነው። ደግሞም በእኛ መንደሮች ትሉ አዳኝ እንስሳ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ የታረደውን በግ ጭንቅላት ለውሻ የምንወረውርለት እኛው ነን።

እንግዲህ አዙሪት የያዘው በግ ሲታረድ ከቦታው ካላችሁ፣ በሕይወት ሳለ በየትኛው ወገን ይዞር እንደነበር ባለቤቱን ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ ራስ ቅሉን ከፍታችሁ ከረጢቱ ያለበትን ቦታና መጠኑን አጠገቡ መዝግቡ። ጠባዩ ከቦታው ጋር እየተለዋወጠ ከሄደ የጉዳት ማብራሪያው ይጠነክራል። ከረጢቱ የትም ቢያርፍ በጎቹ ሁሉ ከመንጋው የሚለዩበት አንድ ወጥ ጠባይ ካገኛችሁ ግን የእኔን አስተያየት ለመፈተሽ በቂ ምክንያት አላችሁ። ስትጨርሱ ጭንቅላቱን ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ የግቢው ውሾችም የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል እንዲሰጣቸው ለባለቤቱ ንገሩት።