«ሀ እንዲህ አለ፣ ለ እንዲህ አለ»፦ ስለ ምዕራፍ ሁለት ጥያቄና መልስ

ስለ ምዕራፍ ሁለት፣ ማለትም ስለ ሊትሬቸር ሪቪው፣ የተነሡት ጥያቄዎች የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። ከገላን፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ። ግማሹ ጠያቂ የማስተርስ ጽሑፉን እየጻፈ ነው፣ ግማሹ ደግሞ እያረመ። እኔ ከአራሚዎቹ ወገን ነኝ።

ከገላን፣ የማስተርስ ተማሪ፦ «አድቫይዘሬ ሊትሬቸር ሪቪውዬን መለሰልኝ። ዳሩ ላይ "ይህ ዝርዝር ነው" ብቻ ብሎ ጽፏል። ሠላሳ ጽሑፍ አንብቤ እኮ ነው የጻፍኩት! ምን ጎደለው?»

የላክሽልኝን ገጽ አየሁት። ርዕስሽ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ አትክልት ነው። የአጥኚዎቹን ስም በሀ እና በለ ልተካው። ቁጥሮቹንም ለምሳሌ እንዲመቹ እኔ አስተካክያቸዋለሁ። አንቀጽሽ እንዲህ ይላል፦

«ሀ በወንዙ ዳር በሚለማ ጎመን ላይ ጥናት አካሄደ። በኪሎ 2 ሚሊግራም ሊድ አገኘ። መጠኑ ከተፈቀደው በላይ ነው ሲል ደመደመ። ለ በበኩሉ በዚሁ ወንዝ ዳር በሚለማ ጎመን ላይ ጥናት አካሄደ። በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ሊድ አገኘ። መጠኑ ከተፈቀደው በታች ነው ሲል ደመደመ።»

ከዚያ ቀጥለሽ ወደ ሦስተኛው አጥኚ ሄድሽ። ቆይ እንጂ! ወንዙ አንድ፣ ጎመኑ አንድ። ውጤቱ ግን በአሥር እጥፍ ተለያየ። አንዱ «አደገኛ ነው» አለ፣ ሌላው «ችግር የለውም» አለ። አንቺ ዝም ብለሽ አለፍሽ። አድቫይዘርሽ «ዝርዝር» ያለው ያንን ዝምታ ይመስለኛል። አንባቢ ማንን ይመን?

ሁለቱን ጽሑፎች መልሰሽ ክፈቻቸውና የአሠራር ክፍላቸውን ጎን ለጎን አንብቢ። ሀ ጎመኑን አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ በደረቅ ክብደት ነው ያሰላው። ለ ውጤቱን ወደ እርጥብ ክብደት መልሶ ነው ያቀረበው። ጎመን 90 በመቶ ገደማው ውኃ ነው። አንድ ኪሎ እርጥብ ጎመን ሲደርቅ ከመቶ ግራም ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በደረቁ 2 ሚሊግራም የነበረው በእርጥቡ ሲሰላ 0.2 ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች ያገኙት ያው አንድ ነገር ነው!

ጉዱ ገና አላለቀም። የፋኦና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የምግብ ኮድ፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ ለቅጠላ ቅጠል አትክልት የፈቀደው የሊድ ጣሪያ በኪሎ 0.3 ሚሊግራም ነው። ይህ የተቀመጠው ለእርጥብ አትክልት ነው። ሀ የደረቁን ቁጥር ከእርጥቡ ጣሪያ ጋር አወዳድሮ ነው «አደገኛ» ያለው። እንግዲህ አንቀጽሽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በወንዙ ዳር በሚለማ ጎመን ውስጥ ስላለው የሊድ መጠን የተደረሰባቸው ድምዳሜዎች የሚጋጩ ይመስላሉ (ሀ፤ ለ)። ልዩነቱ ግን በአብዛኛው ከስሌት የመጣ ነው። ሀ በደረቅ ክብደት፣ ለ በእርጥብ ክብደት ስላቀረቡ፣ ወደ አንድ መለኪያ ሲመጡ ውጤታቸው ይቀራረባል፤ ከኮዴክስ ጣሪያም በታች ይውላል። በመሆኑም የሀ ድምዳሜ በጥንቃቄ መታየት አለበት።»

ይህን ሀ አላለውም፣ ለም አላለውም። ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ማስረጃው ግን የእነሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ ይህ «ጎመኑ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ስለ ካድሚየምና ስለ ክሮሚየም ገና አልተናገርሽም።

ከሰበታ፣ የኮሌጅ መምህር፦ «ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት ክምር አለ። እያንዳንዱን ከዳር እስከ ዳር ሳላነብ ዝርዝር ብቻ የሆነውን መለየት የምችልበት ዘዴ ይኖር ይሆን?»

ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይኖራል። ለማርክ ግን አይበቃም።

የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያንብቡ። ሁሉም በሰው ስምና በዓመተ ምሕረት ከጀመረ ይጠርጥሩ። ከዚያ ሁለት አንቀጾችን በሐሳብዎ ቦታ ያለዋውጧቸው። ምንም ካልተበላሸ ክርክር የለውም ማለት ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ሌላውን ነው። ፋይሉ በኮምፒውተር ካለዎት የአንድ አጥኚ ስም በCtrl+F ይፈልጉ። በዝርዝር በተጻፈ ቅኝት ውስጥ እያንዳንዱ ምንጭ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንቀጹን ይጨርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ አይታይም። ምንጮቹ እርስ በርስ ተነጋግረው በተዋሃዱበት ጽሑፍ ግን ጥሩ ምንጭ ይመላለሳል። አንዴ ለአሠራሩ፣ አንዴ ለውጤቱ፣ አንዴ ደግሞ ሊተች። ይህን ተማሪ ለማስመሰል ይቸገራል፤ ምንጩን በትክክል ማንበብ ይጠይቀዋል።

ግን በስም የጀመረ አንቀጽ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። አንድ ጥናት የመስኩ መነሻ ከሆነ፣ ወይም ተማሪው ያንኑ ዘዴ ሊደግመው ከሆነ፣ ሙሉ አንቀጽ ይገባዋል። የሚታየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ቀጣዩ አንቀጽ ከእሱ ጋር ይነጋገራል ወይስ እንደ አዲስ ይጀምራል?

ማርኩን በተመለከተ፣ ቡት እና ቤይሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመዘኛ አለ። 12 ነጥቦቹ በአምስት ክፍል የተመደቡ ናቸው። የምንጮች አሸፋፈን ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ውህደት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ስንት ምንጭ ጠቀሰ?» ብለን ቆጥረን እናልፋለን። ተማሪውም የምንቆጥረውን ያመርትልናል።

ከለገጣፎ፦ «እኔ በንዑስ ርዕስ ከፋፍዬዋለሁ። ሊድ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም ብዬ። ስለዚህ የእኔ ተዋህዷል ማለት ነው።»

ግማሽ መንገድ ሄደሃል። የተዛመዱትን አንድ ቦታ መሰብሰብ የግድ ነው፣ ያለዚያ አይጀመርም። ግን «ካድሚየም» በሚለው ርዕስ ሥር ያለውን ሳየው ያው «እከሌ እንዲህ አገኘ፣ እከሌም እንዲህ አገኘ» ነው። ረጅሙን ዝርዝር ወደ ሦስት አጫጭር ዝርዝሮች ቀየርከው እንጂ።

ርዕሱን ወደ ጥያቄ ለውጠውና ሞክረው። «ካድሚየም» ከማለት «ቅጠሉ ላይ ያለው ካድሚየም ከአፈሩ ነው ከውኃው?» በል። ያኔ ለጥያቄው መልስ የሌለው ምንጭ ራሱ ከአንቀጹ ይወጣል።

ሌላም ላንሳልህ። ገጽ አጋማሽ ላይ «በርካታ ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ብለህ አምስት ስም በቅንፍ ደርድረሃል። ሲታይ የተዋሃደ ይመስላል። እኔ እንዲህ ያለ ቅንፍ ሳገኝ ሁለቱን መርጬ እከፍታለሁ። አንዱ ስለ አፈር ብቻ ያጠና ሆኖ ሲገኝ ደስ አይልም። አንተም ከማስረከብህ በፊት ክፈታቸው።

ከቡራዩ፦ «ተርኒቲን 12 በመቶ ብቻ ነው ያወጣው። ታዲያ ለምንድነው ማርክ የተቀነሰብኝ?»

እህቴ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ተርኒቲን የሚያየው የቃላት መመሳሰልን ነው። ሠላሳ አብስትራክት በራስሽ ቃል አሳጥረሽ ብትደረድሪ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ድርደራው ግን ድርደራ ነው።

ከሱሉልታ፣ አንጋፋ መምህር፦ «እኔ አንድ በአንድ ነው የማስጽፈው፣ አላፍርበትምም። ተማሪው ማንበቡን በምን አውቃለሁ? ደግሞስ ከባችለር ተማሪ ውህደት መጠየቅ አይበዛም?»

ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ማንበቡን ማረጋገጥ ግን በሌላ ወረቀት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ምንጭ አጭር ማስታወሻ ያስጽፉት፣ ለብቻው ይረሙት። ያ ሥራ ዋጋ አለው፤ ስህተት የሚሆነው ያው ማስታወሻ ተገጣጥሞ ምዕራፍ ሁለት ተብሎ ሲገባ ነው። ለባችለር ተማሪ ሙሉ ውህደት ይከብዳል ባሉት እስማማለሁ። እኔ ከእነሱ ሁለት ምንጭ የሚያወዳድር አንድ አንቀጽ ብጠይቅ ይበቃኛል።

ያው ጠያቂ፦ «እሺ። መመሪያችን ግን "በዓለም፣ በአፍሪካ፣ በኢትዮጵያ" ብላችሁ ክፈሉ ይላል። ይህስ?»

እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ያ አከፋፈል በራሱ ወደ ዝርዝር ይገፋል። ኬንያና ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ዘዴ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን መቀመጥ ሲገባቸው በተለያየ ክፍል ይቀራሉ። ተማሪ ግን መመሪያ ጥሶ ዲፌንስ ግባ አይባልም። አንዳንዶች ሦስቱን ክፍል ጠብቀው መጨረሻ ላይ የሚያወዳድር ክፍል ይጨምራሉ። ሌሎች ባልደረቦቼ ይህን መለጠፍ ነው ይሉታል፤ መጀመሪያ መመሪያው ይስተካከል ባዮች ናቸው። እኔ ለጊዜው የሚጨምሩትን አልቀንስባቸውም።

ከገላን፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ፦ «ሠላሳውን እንደገና ሳላነብ ማስተካከል እችላለሁ?»

ሙሉ በሙሉ አይቻልም። ግን አብዛኛው ሥራ የአሠራርና የውጤት ክፍሎቹን ማየት ነው። በኤክሴል ሠንጠረዥ ሥሪ። በየረድፉ አንድ ጥናት። በየዓምዱ ደግሞ ጥያቄ፦ የትኛው አትክልት? ታጥቧል ወይስ አልታጠበም? በበጋ ነው በክረምት የተሰበሰበው? ደረቅ ክብደት ነው እርጥብ? ስንት ተገኘ? ሞልተሽ ስትጨርሺ ወደ ጎን አትጻፊ፣ ወደ ታች ጻፊ። እስካሁን የጻፍሽው ረድፍ ረድፉን ነው። አሁን ከአንድ ዓምድ አንድ አንቀጽ ይውጣ። «ታጥቧል» የሚለው ዓምድ ብቻውን ጥሩ አንቀጽ ይሆንሻል፤ ሳይታጠብ የተመረመረ ቅጠል ላይ የተቀመጠ አቧራና አፈርም አብሮ ይለካልና።

እሷው፦ «ሞላሁት። ግን የተወሰኑት ደረቅ ይሁን እርጥብ ጭራሽ አልጻፉም። ምን ላድርጋቸው?»

በግምት አትሙያቸው። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ «ደረቅ መሆን አለበት» ብለሽ እንዳትቀይሪ፤ እውነትም ብክለቱ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ላይ የአጥኚው ኢሜይል አለ፣ ጻፊለት። ካልመለሰ መጠን ከምታወዳድሪበት አንቀጽ አስወጪው። ስለ ወቅት ወይም ስለ አትክልት ዓይነት በምትጽፊበት አንቀጽ ግን ይቆይ፤ በአንድ ጥናት ውስጥ ያለው ንጽጽር በአንድ መለኪያ እስከተሰላ ድረስ ያገለግላል። ስንቶቹ እንዳልገለጹ ቆጥረሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። የአንቺ ጥናት ለምን መለኪያውን ለይቶ እንደሚያቀርብ በምዕራፍ ሦስት ስትጠየቂ የምትጠቅሺው እሱን ነው።